ማታ የሚጨስ ሲጋራና የሌሊቱ እንቅልፍ፦ የአንድ ተቃርኖ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ)



የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው ቀላል በሚመስል አንድ ጥያቄ ላይ ነው። ማታ ሲጋራ አጭሶ የሚተኛ ሰው እንቅልፉ ምን ይሆናል? ማጨሱን ሲያቆምስ? ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ በየዘመኑ ተለያይቷል። ባለፈው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ በጥንቃቄ የተሠሩ ጥናቶች ፊት ለፊት የሚቃረኑ የሚመስሉ ውጤቶችን አቅርበዋል። እኔ የሕክምና ታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ የማቀርብላችሁ የአንድ እውቀት የጉዞ ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩ በመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ሲጋራ ለማቆም ቆርጦ የተነሣ ሰው በአራተኛው ሌሊት ዓይኑ አልከደን ሲለው «ለካ እንቅልፍ የሚሰጠኝ ሲጋራው ነበር» ይላል። ብዙ ጊዜም ተነሥቶ ያጨሳል። ይህ ድምዳሜው እውነት ነው ወይስ ስሕተት? ዛሬ የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ላሳስብ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር እናገራለሁ።

ታሪኩን ከ1604 እንጀምር። በዚያ ዓመት የእንግሊዝና የስኮትላንድ ንጉሥ ጄምስ ትምባሆን የሚያወግዝ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። ትምባሆ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ከገባ ገና መቶ ዓመት ያህሉ ነበር፤ ወዳጆቹም ለማይፈውሰው በሽታ የለም ይሉት ነበር። ንጉሡ ከነቀፏቸው አባባሎች አንዱ በቀጥታ የእኛን ጉዳይ ይነካል። ሰዎቹ በመኝታ ሰዓት ትምባሆ ቢያጨሱ ጥሩ እንቅልፍ እንደሚወስዳቸው ይናገራሉ፤ እነዚሁ ሰዎች እንቅልፍ ሲጫናቸው ቢያጨሱ ደግሞ አንጎላቸው እንደሚነቃ ይናገራሉ። አንድ ቅጠል እንዴት ሆኖ ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይሠራል በማለት ንጉሡ ተሣለቁ።

ስላቁ ከአመክንዮ አንጻር ጠንካራ ነው። ነገር ግን ሰዎቹ የሚዋሹ አይመስለኝም። ዛሬም ብትጠይቁ ከአጫሾች ዘንድ የምትሰሙት ያንኑ ነው። ጠዋት ለመንቃት ያጨሳሉ፤ ማታም ለመረጋጋት ያጨሳሉ። ስለዚህ ንጉሡ የተዉልን ቁም ነገር ስላቃቸው ሳይሆን ጥያቄያቸው ነው። ለመመለስ ግን ሁለት ነገር ያስፈልግ ነበር። አንደኛው በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ነገር ለይቶ ማወቅ ነው። ሁለተኛው የተኛን ሰው ሳይቀሰቅሱ እንቅልፉን መለካት ነው።

የመጀመሪያው ቀድሞ ተገኘ። በ1828 በሃይድልበርግ ፖሰልትና ራይማን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ከትምባሆ ውስጥ ንጥረ ነገሩን ለይተው አወጡ። ስያሜውም ቅጠሉን ወደ ፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ከላኩት ከአምባሳደር ዣን ኒኮ ስም ጋር ተያይዞ ኒኮቲን ተባለ። ከዚያም በካምብሪጅ ጆን ላንግሊ ኒኮቲንን እንደ መመርመሪያ መሣሪያ ተጠቀሙበት። በ1905 ባሳተሙት ሥራቸው ሕዋሳት ኒኮቲንን የሚቀበሉበት አንድ ልዩ ነገር ሊኖራቸው ይገባል አሉ። ዛሬ ተቀባይ የምንለው ሐሳብ ከዚህ ይመነጫል። ሄንሪ ዴል በ1914 አሴቲልኮሊን የተባለው ንጥረ ነገር ከሚያሳያቸው ሥራዎች አንደኛው ወገን ኒኮቲን የሚሠራውን እንደሚመስል አሳዩ። በኋላ እንደታወቀው አሴቲልኮሊን አንጎልን ንቁ አድርገው ከሚይዙ የገዛ ራሳችን ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ኒኮቲን እንግዳ ሆኖ ሳለ በዚሁ በር ይገባል።

ሁለተኛው መሣሪያ ዘግይቶ መጣ። ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ መመዝገባቸውን ያሳተሙት በ1929 ነው። በ1953 ደግሞ በቺካጎ አሰሪንስኪና ክላይትማን ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን፣ አብዛኛው ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል አገኙ። ከዚህ በኋላ እንቅልፍ አንድ ወጥ ጨለማ መሆኑ ቀረ። በወረቀት ላይ ሊነበብ የሚችል ቅርፅ ያለው ነገር ሆነ። ሰው መጀመሪያ በቀላል እንቅልፍ ያልፋል፤ ቀጥሎ ሞገዱ ሰፊና ዝግ ወደሚልበት ጥልቅ እንቅልፍ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ሕልም እንቅልፍ ይመጣል። ይህ ዑደት በአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ለዛሬው ጉዳያችን አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ጥልቁ እንቅልፍ በብዛት የሚገኘው በሌሊቱ የመጀመሪያ ክፍል ነው። ወደ ንጋት ሲቃረብ ቦታውን ለሕልም እንቅልፍ ይለቃል።

አሁን አንድ አጫሽ በምናባችን እንውሰድ፤ በሌሊቱም እንከተለው። ይህ ሰው በቀን ሃያ ሲጋራ ያጨሳል። የኒኮቲን ግማሽ ዕድሜ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ማለትም በደም ውስጥ ያለው መጠን በየሁለት ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ሰውየው ግን ግማሹ ሳይወጣ ሌላ ሲጋራ ይለኩሳል። ስለዚህ ኒኮቲኑ ከጠዋት ጀምሮ ይከማቻል። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ከፍ ባለ ደረጃ ላይ ረግቶ እስከ መኝታ ይቆያል። የመጨረሻውን ሲጋራ ከምሽቱ 5 ሰዓት አጭሶ ሲተኛ በአንድ ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ 24 ናኖግራም ኒኮቲን አለ እንበል። በየቀኑ በሚያጨሱ ሰዎች ዘንድ ይህ የተለመደ መጠን ነው። ሌሊት በ7 ሰዓት 12 ይሆናል። በ9 ሰዓት 6 ይቀራል። በ11 ሰዓት 3፣ ጠዋት በ1 ሰዓት ደግሞ አንድ ተኩል ይሆናል። ኒኮቲንን የሚሰብረው የጉበት ኢንዛይም ከሰው ሰው ስለሚለያይ ቁጥሩ ለሁሉም አንድ አይደለም። የመውረጃው ቅርፅ ግን ይኸው ነው።

ይህን ቅርፅ ከእንቅልፉ ቅርፅ ጎን አስቀምጡት። ጥልቅ እንቅልፍ በብዛት በሚያስፈልግበት በመጀመሪያው የሌሊት ክፍል ኒኮቲኑ ከፍተኛ ነው። የሚያነቃ ነገር በብዛት ያለው ልክ አንጎል ወደ ታች መውረድ በሚፈልግበት ሰዓት ነው። ወደ ንጋት ሲሆን ደግሞ ኒኮቲኑ ተሟጦ የለመደው አንጎል ያጣዋል። ሰውየው ሳያውቀው በአንድ ሌሊት ውስጥ ሁለቱንም ያልፋል፤ ሲተኛ ማነቃቂያ አለበት፣ ሲነጋ ሱሱ ይጠይቀዋል። ለዚህም ነው የኒኮቲንን ጥገኝነት የሚለኩ መጠይቆች ከእንቅልፍህ በነቃህ በስንት ደቂቃ የመጀመሪያዋን ሲጋራ ታጨሳለህ ብለው የሚጠይቁት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚያጨስ ሰው ከፍተኛውን ነጥብ ያገኛል። ሌሊቱ አጫሹ ከሲጋራ የሚርቅበት ረጅሙ ጊዜ ነውና።

«እኔ ግን አጭሼ ደኅና እተኛለሁ» የሚል ሰው ይኖራል። እንዲህ የሚለውም ከልቡ ነው። የእንቅልፍ መቆራረጥ ማለት ግን ሁልጊዜ ዓይንን ገልጦ ጣሪያ ማየት አይደለም። በእንቅልፍ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚቆጠሩት አጫጭር መንቃቶች ሦስት ሴኮንድ ያህል ብቻ ሊቆዩ ይችላሉ። የአንጎሉ ሞገድ በድንገት ይፈጥናል፤ ከዚያም ተመልሶ ይዘገያል። ተኝቶ ያለው ሰው ጠዋት አንዱንም አያስታውስም። የሚያስታውሰው ሲነሣ እንዳላረፈ ብቻ ነው፤ ለዚያም መድኃኒቱ አልጋው አጠገብ የተቀመጠ ፓኬት ይሆናል። ማታ የሚሰማው መረጋጋትም ቢሆን እውነተኛ ስሜት ነው። አብዛኛው ግን ካለፈው ሲጋራ ወዲህ የጀመረው የሱስ ጥያቄ ሲመለስ የሚመጣ እፎይታ ነው። ንጉሥ ጄምስ ያፌዙበት ተቃርኖ ግማሽ መልሱ እዚህ ላይ ነው። አጫሹ በመኝታ ሰዓት ከሲጋራው የሚያገኘው ሲጋራው ራሱ የፈጠረውን እረፍት ማጣት ማስታገሻ ነው፤ እንቅልፍ ግን በዚያው ቅጠል ይቆረሳል።

የታሪኩ ዋነኛ ክርክር የሚጀምረው በ1980 ነው። በዚያ ዓመት ሶልዳቶስ፣ ኬልስና ባልደረቦቻቸው በሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጥናት አወጡ። በዕድሜና በፆታ የተመሳሰሉ 50 አጫሾችንና 50 የማያጨሱ ሰዎችን በእንቅልፍ ቤተ ሙከራ አስተኝተው አወዳደሩ። አጫሾቹ ለመተኛት ይበልጥ ይቸገሩ ነበር። ከዚያም ለብዙ ጊዜ ያጨሱ ጥቂት ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዲያቆሙ አድርገው ሌሊታቸውን መዘገቡ። ውጤቱ ብዙዎችን ያስገረመ ነበር፤ ሰዎቹ ሲያቆሙ እንቅልፋቸው ተሻሻለ። መልእክቱ ግልጽ ይመስል ነበር። ሲጋራ አነቃቂ ነው፤ አነቃቂውን ስታነሣው እንቅልፍ ይመጣል።

በዚያው በ1980 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያውን ሦስተኛ እትም አወጣ። በዚህ እትም ትምባሆ ሲቋረጥ የሚመጣው ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ በስም ተመዘገበ። ከምልክቶቹ ዝርዝር ውስጥ ብስጭት፣ ጭንቀት፣ ትኩረት ማጣት አሉበት። ከእንቅልፍ ጋር የሚያያዘው ምልክት ግን ድብታ ነው፤ እንቅልፍ ማጣት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በ1994 የወጣውን አራተኛውን እትም ስትገልጡ ድብታው ጠፍቶ በቦታው እንቅልፍ ማጣት ገብቷል። በ14 ዓመት ውስጥ አንዱ ምልክት በተቃራኒው ተተካ። ተማሪዎቼ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ታዲያ የቱ ተሳሳተ?» ብለው ነው።

በመሃሉ ምን ሆነ? በ1994 ፕሮሳይዝና ባልደረቦቹ በቼስት መጽሔት ላይ ማጨስ ያቋረጡ ሰዎችን ሌሊትም ቀንም የተከታተሉበትን ጥናት አወጡ። ሌሊት አጫጭር መንቃቶቹ፣ ከአንዱ የእንቅልፍ ደረጃ ወደ ሌላው የሚደረጉ ሽግግሮችና ሙሉ መንቃቶቹ ጨመሩ። ቀን ላይ ደግሞ ሰዎቹ እንዲያሸልቡ ዕድል ሲሰጣቸው በፍጥነት እንቅልፍ ወሰዳቸው። በቀጣዩ ዓመት ዌተርና ባልደረቦቹ አንድ ጠቃሚ እርምጃ ጨመሩበት። ማጨስ ካቆሙት ሰዎች ለግማሾቹ ኒኮቲን ያለበት ፕላስተር፣ ለቀሩት ኒኮቲን የሌለበት ተመሳሳይ ፕላስተር ለጠፉላቸው። ኒኮቲን ባልነበራቸው ዘንድ የእንቅልፍ መቆራረጡ ጨመረ። ኒኮቲን በነበራቸው ዘንድ አልጨመረም፤ ጥልቁ እንቅልፋቸውም በዛ። ከዚህ የምንረዳው ሲጋራ ባቆሙ ሰዎች ላይ የታየው መቆራረጥ በዋነኛነት የመጣው ከኒኮቲኑ መጥፋት መሆኑን ነው።

እንግዲህ የ1980 ጥናት ስሕተት ነበርን? የእኔ ንባብ እንዲህ አይደለም። የተለካውን ነገር ልብ በሉ። በ1980 ጎልቶ የታየው ሰውየው ለመተኛት የሚወስድበትና ነቅቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በ1994ና በ1995 ጎልተው የታዩት በእንቅልፉ ውስጥ ያሉት አጫጭር ስንጥቆች ናቸው። ማነቃቂያው ሲነሣ ወደ እንቅልፍ መግባት ሊቀል ይችላል። ሱሱ ሲጠይቅ ደግሞ የገቡበት እንቅልፍ ይሰነጣጠቃል። ሁለቱ በአንድ ሰው፣ በአንድ ሳምንት ሊደርሱ ይችላሉ። የመመሪያው ሁለት እትሞችም እንዲሁ ናቸው። ሌሊት የተቆራረጠበት ሰው ቀን ያንቀላፋል። አንዱ እትም የቀኑን፣ ሌላኛው የሌሊቱን ገጽታ ጻፈ።

ክርክሩ የሚጎድለው አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ረዘም ያለ ጊዜ። እነዚህ ጥናቶች የሚያሳዩት የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ነው። ካቆሙ ዓመታት ያለፏቸው ሰዎችስ? በ2006 ዣንግ፣ ሳሜት፣ ካፎና ፑንጃቢ የእንቅልፍና የልብ ጤና ጥናት በተባለው ትልቅ የአሜሪካ ምርምር ውስጥ በየቤታቸው የተመዘገቡ 6,400 ሰዎችን መረጃ ተንትነው አቀረቡ። በጥናቱ ወቅት የሚያጨሱት ሰዎች ጨርሶ አጭሰው ከማያውቁት ይልቅ ለመተኛት በአማካይ ከ5 ደቂቃ በላይ ዘገዩ፤ በጠቅላላው ደግሞ 14 ደቂቃ ያነሰ ተኙ። አጭሰው ያቆሙት ሰዎች እንቅልፍ ግን ጨርሶ ካላጨሱት የሚለይ አልነበረም።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2008 40 አጫሾችንና ከእነሱ ጋር የተመሳሰሉ 40 የማያጨሱ ሰዎችን መርጠው የሞገዱን ይዘት በዝርዝር መረመሩ። በአጫሾቹ ዘንድ የጥልቅ እንቅልፍ ምልክት የሆነው ዝግ ሞገድ አንሶ፣ የንቃት ባሕርይ ያለው ፈጣን ሞገድ በዝቶ ተገኘ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በሌሊቱ መጀመሪያ ነው፤ ወደ ንጋት እየጠበበ ሄደ። ቀደም ብለን የሠራነውን የ24፣ የ12፣ የ6 ሒሳብ አስታውሱ። ሞገዱ የተከተለው ያንኑ ቁልቁለት ነው። አላረፍንም ብለው የተናገሩትም ከአጫሾቹ መካከል 22.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ከማያጨሱት መካከል 5 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ምሽቱን ለይቶ የተመለከተ ጥናት ደግሞ በ2019 ታተመ። በጃክሰን ከተማ የሚኖሩ 785 አፍሪካ አሜሪካውያን ከአምስት ሺህ በላይ ለሆኑ ቀናት የማታ ልማዳቸውን መዘገቡ፤ እንቅልፋቸውም በእጅ በሚታሰር መለኪያ ተለካ። ከመኝታ በፊት ባሉት አራት ሰዓታት ውስጥ ኒኮቲን በተወሰደባቸው ሌሊቶች እንቅልፉ ይበልጥ የተቆራረጠ ነበር። ከመጀመሪያውም እንቅልፍ ማጣት ያለባቸው ሰዎች ኒኮቲን በወሰዱበት ሌሊት በአማካይ 42 ደቂቃ ያህል ያነሰ ተኙ። እዚህ ላይ አስተውሉ፤ በአብዛኛው የሚጎዳው እንቅልፍ ስለማይወስደኝ አጨሳለሁ የሚለው ሰው ራሱ ነው።

አሁን ወደዚያ በአራተኛው ሌሊት ወደ ነቃው ሰው እንመለስ። ሲያጨስ በቀን ሃያ ሲጋራ ነበር፤ ከነዚህ አራቱ ከእራት በኋላ እስከ መኝታ የሚጨሱ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ አቦልና ቶና ይጠጣል። እሑድ ሲጋራውን አቆመ። ሰኞ ቀን ያንቀላፋዋል። ማክሰኞና ረቡዕ ሌሊት በ8 ሰዓት፣ በ9 ሰዓት ይነቃል። ሕልሙ ደማቅ ሆኗል፤ በአንዱ ሕልም ሲያጨስ አይቶ ደንግጦ ተነሥቷል። ይህ ሰው ምን እየሆነ ነው?

ሦስት ነገሮች ተደራርበውበታል። አንደኛው የሱሱ መቋረጥ ነው። ይህ በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፤ በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። የማጨስ ሕልሙም የዚሁ አካል ነው። ሃዬክና ቤልቸር በ1991 ባወጡት ጥናት ካቆሙ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ከሆናቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ሲያጨሱ በሕልማቸው አይተዋል፤ ከነዚህም አብዛኞቹ አጫሽ ሳሉ እንዲህ ያለ ሕልም አያውቁም ነበር። በሕልም ማጨስ የውሳኔ መላላት ምልክት ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር ነው፤ ለእኛ አገር ሰው ግን ከሁሉ ይልቅ የሚቀርብ ነው። እሱም ቡናው ነው። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ የሬንጅ ዓይነት ውህዶች ካፌይንን የሚሰብረውን የጉበት ኢንዛይም ያበዙታል። አጫሽ ሰው ቡናውን ቶሎ ያቃጥለዋል ማለት ነው። ጭሱ ሲቆም ኢንዛይሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ተፈጥሮ መጠኑ ይወርዳል። ቤኖዊትዝና ባልደረቦቹ በ1989 እንዳሳዩት ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች የቡና ልማዳቸውን ሳይለውጡ በደማቸው ውስጥ ያለው ካፌይን እጥፍ ሆነ፤ ይህም ለስድስት ወር በተደረገው ክትትል ሁሉ ዘለቀ። ያ ሰው የሚጠጣው ያንኑ አቦልና ቶና ነው፤ ለአካሉ ግን አራት ስኒ እንደ መጠጣት ሆኗል። ኢንዛይሙን የሚያበዛው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ ስላልሆነ ፕላስተር መለጠፍም ይህን አይመልሰውም። የሚመልሰው ቡናውን በግማሽ መቀነስና የመጨረሻውን ስኒ ወደ ጠዋት ማምጣት ነው። ጫት የሚቅም ሰው ከሆነ ደግሞ ጫቱ ራሱን የቻለ አነቃቂ ነው፤ የሲጋራውን ድርሻ ከጫቱ ለይቶ ለማየት ሁለቱ አንድ ላይ መታየት አለባቸው።

ሦስተኛው መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። ለ24 ሰዓት የሚለጠፍ የኒኮቲን ፕላስተር ሌሊቱን ሙሉ ኒኮቲን ይሰጣል። በአንዳንዶች ላይ መቆራረጡን ቢያስታግስም በሌሎች ላይ እንቅልፍ ይነሣል፤ ሕልምንም ያደምቃል። እንዲህ የሆነበት ሰው ፕላስተሩን በመኝታ ሰዓት ሊያነሣው ይችላል። ዋጋው ግን ጠዋት ላይ ሱሱ በርትቶ መነሣቱ ነው። ቡፕሮፒዮን የሚወስድ ሰውም የቀኑን ሁለተኛ ክኒን ወደ መኝታው ካስጠጋው እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል። ቫሬኒክሊን ደግሞ እንግዳ ሕልም ያመጣል። ስለዚህ ለውጡ ከሐኪም ወይም ከፋርማሲ ባለሙያ ጋር ተመክሮ መደረግ አለበት።

ሦስቱን ለመለየት ቀላሉ መንገድ ቀኖቹን መመዝገብ ነው። ያቆሙበት ቀን፣ የቡናው ሰዓት፣ ፕላስተሩ የተለጠፈበትና የተነሣበት ሰዓት፣ የነቁበት ሰዓት በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። የሱስ መቋረጥ ያመጣው ከሆነ ከሳምንት ወደ ሳምንት መርገቡ ይታያል። ለመተኛት የሚከለክለው ቡናው ከሆነ ቡናው ሲቀነስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለወጣል። ፕላስተሩን ለጥሶ የተኛበትና አንሥቶ የተኛበት ሌሊት ከተለያዩ ምክንያቱ ይገለጣል። ከአንድ ወር በላይ ያልተሻለ እንቅልፍ ግን በሲጋራው ብቻ መሳበብ የለበትም። ከባድ ማንኮራፋትና በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቆራረጥ ካለ፣ ወይም ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ ከተጫነ፣ ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል በሐኪም መታየት ያስፈልጋል።

እንደ ታሪክ ሰው የእነዚህን ጥናቶች ወሰን ሳልናገር ብቀር አግባብ አይሆንም። የ1980ና የ1990ዎቹ ጥናቶች የተሳታፊዎቻቸው ቁጥር ትንሽ ነው፤ በቤተ ሙከራ አልጋ ላይ ሽቦ ተለጥፎበት የሚተኛ ሰውም እንደ ቤቱ አይተኛም። የ2006ቱ ጥናት ሰዎችን በአንድ ወቅት የተመለከተ እንጂ ያንኑ ሰው ከማጨስ ወደ መተው የተከተለ አይደለም። ምናልባት ማቆም የቻሉት ከመጀመሪያውም ደኅና የሚተኙት ይሆናሉ የሚል ተከራካሪ ቢነሣ ጥናቱ ብቻውን አፉን አያስይዘውም። ይሁን እንጂ የኒኮቲኑ መጠን በሌሊቱ የሚወርድበት ቅርፅ፣ የሞገዱ ለውጥ፣ የፕላስተሩ ሙከራና የምሽቱ መዝገብ ከተለያየ አቅጣጫ ተነሥተው አንድ ቦታ ይገናኛሉ። እኔን የሚያሳምነኝ ይህ መገናኘታቸው ነው።

እንግዲህ በ1604 ለቀረበው ጥያቄ መልሱ እንዲህ ነው። ትምባሆ ያነቃል፤ ለለመደው ሰው ደግሞ ያረጋጋል። የሚያረጋጋው ግን ራሱ የቀሰቀሰውን ነው። በአራተኛው ሌሊት የነቃው ሰው ያጣው ሲጋራው ይሰጠው የነበረውን እንቅልፍ አይደለም። አንጎሉ ያለ ኒኮቲን መተኛትን እንደገና እየተማረ ነው፤ ትምህርቱም በአብዛኛው የሚፈጀው ሳምንታት ነው። በዚያ ሌሊት ተነሥቶ ቢያጨስ ይረጋጋል፤ የሱሱም ቆጠራ ከመጀመሪያው ሌሊት እንደገና ይጀምራል።